ቃል ሆነው የሚያልፉ ግድፈቶች፦ ፊደል አራሚ የማይደርስባቸው የእንግሊዝኛ ሰነድ ስህተቶች ዳሰሳ

የጉዳዩ ወሰን

በእንግሊዝኛ ሰነዶች ውስጥ የሚገኙ የአጻጻፍ ግድፈቶች ተሳስቶ የተጻፈው የፊደላት ድርድር በራሱ ሌላ ቃል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥያቄ መሠረት ለሁለት ይከፈላሉ። «the» ሊጻፍ ታስቦ «teh» ቢጻፍ ውጤቱ በቋንቋው ውስጥ የሌለ ድርድር ስለሆነ በዚህ ዳሰሳ ኢቃላዊ ግድፈት ይባላል፤ «from» ሊጻፍ ታስቦ «form» ቢጻፍ ግን ውጤቱ የራሱ ፍቺና አገልግሎት ያለው፣ ቦታውን ብቻ የሳተ ቃል በመሆኑ ቃላዊ ግድፈት ይባላል። መደበኛው ፊደል አራሚ ፕሮግራም እያንዳንዱን ቃል ነጥሎ ከተከማቸ የቃላት ዝርዝር ጋር ያስተያይና በዝርዝሩ ያላገኘውን ያመለክታል። በዚህ አሠራር የመጀመሪያውን ዓይነት ግድፈት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሲይዝ፣ የሁለተኛው ዓይነት ቃል ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ምንም ሳይጠቁም ያልፈዋል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ መከታተል ስለሚያመች ለዚህ ዳሰሳ የተዘጋጀ የሚከተለው ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ያገለግላል፦

«The trail results form two hospitals show that the drug is now safe for children.»

ጸሐፊው ሊል የፈለገው በሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደው ሙከራ ውጤት መድኃኒቱ ለሕፃናት አስተማማኝ አለመሆኑን ያሳያል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን ሦስት ቃላት ተለውጠዋል። ሙከራ ማለት የሆነው «trial» የእግር መንገድን ወይም ዱካን የሚያመለክተው «trail» ሆኗል፤ መነሻን የሚያሳየው «from» ቅጽ ወይም ቅርጽ ማለት በሆነው «form» ተተክቷል፤ አሉታን የሚገልጸው «not» ደግሞ አሁን ማለት ወደ ሆነው «now» ተቀይሯል። ሦስቱም በመዝገበ ቃላት የሚገኙ ስለሆኑ ፊደል አራሚው ዓረፍተ ነገሩን ያለ አንዳች ምልክት ያሳልፈዋል። ሦስቱ ግድፈቶች በተራ ሲመረመሩ ግን አንዱ በሰዋስው፣ ሌላው በርዕሰ ጉዳይ፣ ሦስተኛው ከሰነዱ ውጭ ባለ ማስረጃ ብቻ የሚገኝ ሆኖ ይታያል፤ የዚህ ዳሰሳ ዋና ሐሳብም በዚህ ልዩነት ላይ ያርፋል።

ግድፈቱ ምን ያህል የተለመደ ነው?

ጄምስ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው አጭር ጥናት የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ ወስዶ እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል ቢሳሳቱ ከሚፈጠሩት ድርድሮች ስንቱ ሌላ ቃል እንደሚሆን አስልቷል። የቃላት ዝርዝሩ ትንሽ ሲሆን ሳይታዩ የሚያልፉት ስህተቶች ከመቶ 2 ያህል ሲሆኑ፣ ዝርዝሩ 50,000 ቃላት ሲደርስ ወደ 10፣ 350,000 ሲደርስ ደግሞ ወደ 16 ከመቶ ከፍ ይላሉ፤ ይህም በትልቁ ዝርዝር ከስድስት የትየባ ስህተቶች አንዱ ቃል መስሎ ያመልጣል ማለት ነው። ይህ በስሌት የተገኘ ግምት ሲሆን፣ ሮጀር ሚተን ደግሞ በ1987 ባወጣው ጥናት እንግሊዛውያን ተማሪዎች በእጃቸው የጻፏቸውን 925 ድርሰቶች መርምሮ ከተገኙት የአጻጻፍ ስህተቶች ከመቶ 40 የሚሆኑት ቃላዊ ግድፈቶች መሆናቸውን አግኝቷል።

ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁት የሚለኩት ነገር ስለሚለያይ ነው። ፒተርሰን የጣትን ስህተት ሲያሰላ ሚተን የቆጠረው ሰዎች በእርግጥ የሚሠሩትን ስህተት ነው፤ ሰው ደግሞ የቃሉን አጻጻፍ በእርግጠኝነት ባያውቅ የሚያውቀውን ሌላ ቃል ይጽፋል እንጂ ፊደላትን በዘፈቀደ አይደረድርም።

የግድፈቱ ምንጮች

የግድፈቱ ምንጭ መታወቁ በየትኛው መንገድ ሊያዝ እንደሚችል ይጠቁማል። የመጀመሪያው ምንጭ ጣት ነው። ፍሬድ ዳመራው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ከአጻጻፍ ስህተቶች ከመቶ 80 ያህሉ ከአራት ነጠላ ድርጊቶች በአንዱ እንደሚፈጠሩ አሳይቷል፤ እነዚህም አንድ ፊደል መጨመር፣ አንድ ፊደል መዝለል፣ አንዱን ፊደል በሌላ መተካትና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን ማቀያየር ናቸው። «from» እና «form»፣ «trial» እና «trail» የሚለያዩት በፊደል መቀያየር ነው፤ «not» እና «now» ደግሞ በአንድ ፊደል መተካት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔት ሽፋን ላይ «Public» የሚለው ቃል አንዲት «l» ጎድላው የኀፍረተ ሥጋን አካባቢ የሚያመለክት ቃል ሆኖ መታተሙ የዚሁ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጆሮ ነው፤ እንደ «their» እና «there»፣ እንደ «piece» እና «peace» ያሉ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ጽሕፈታቸው የሚለያይ ቃላት እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው የዕውቀት ጉድለት ሲሆን፣ ጸሐፊው «affect» እና «effect» ወይም «principal» እና «principle» በፍቺ መለያየታቸውን ሳያውቅ ወይም ዘንግቶ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባል። አራተኛው ምንጭ ራሱ ፊደል አራሚው ነው። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች በዝርዝራቸው የያዙት በጭረት የተከፈለውን «co-operation» ብቻ ስለነበር ያለ ጭረት የተጻፈውን «cooperation» ስህተት ብለው በካሊፎርኒያ የምትገኘውን የከተማ ስም «Cupertino»ን በምትክነት ያቀርቡ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ሳያስተውሉ ሐሳቡን በመቀበላቸው የከተማይቱ ስም በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነዶች ውስጥ በትብብር ቦታ ገብቶ ተገኝቷል። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ቃል ወደ ቃላዊ ግድፈት ለውጦ፣ ከለወጠም በኋላ ዳግመኛ የማያየው አድርጎታል።

እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ የጆሮ ስህተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ በመሆኑ የጥናት ጽሑፎችና የተቋማት ዘገባዎች በብዛት የሚጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። አማርኛ ተነባቢን በማጥበቅና በማላላት ፍቺ ይለያል እንጂ «live»ን ከ«leave»፣ «fill»ን ከ«feel»፣ «this»ን ከ«these» የሚለየውን ዓይነት የአናባቢ ልዩነት ስለማይጠቀም፣ አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ እነዚህን ጥንዶች ሊያምታታ ይችላል። የእንግሊዝኛ ተወላጆች ግን በእነዚህ ጥንዶች እምብዛም ስለማይሳሳቱ፣ ለእነርሱ የተዘጋጁ የሚምታቱ ቃላት ዝርዝሮች ላያካትቷቸው ይችላሉ። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚሠራ አርታዒ የራሱን ዝርዝር ማዘጋጀት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው መፍትሔ፦ የቃላት ዝርዝርን ማጥበብ

ከፒተርሰን ስሌት በቀጥታ የሚመነጨው ምክር የቃላት ዝርዝሩ ይነስ የሚል ነው፤ ብርቅ የሆኑ ቃላት ከዝርዝሩ ቢወጡ በስህተት የተጻፉበት ጊዜ ሁሉ ይጠቆማልና። ዳመራው እና ኤሪክ ሜይስ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ምክር በእውነተኛ ጽሑፍ ላይ ፈትነው አልተቀበሉትም። ከ22 ሚሊዮን ቃላት በላይ በያዘ የጽሑፍ ክምችት ላይ ዝርዝሩን ከ50,000 ወደ 60,000 ቃላት ቢያሳድጉት ትክክል ሆነው ሳለ በስህተትነት ይጠቆሙ የነበሩ 1,348 ቃላት ከጥርጣሬ ነፃ ሲወጡ፣ በተጨማሪ ያመለጡት ስህተቶች ግን 23 ብቻ ነበሩ። ብርቅ ቃል በጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ፈልጎ የተጠቀመበት እንጂ የሌላ ቃል ስህተት አይደለም።

ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርሳቸው የሚፋለሱ ቢመስሉም ለተግባር የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነው። ዝርዝሩ በአጠቃላይ ሰፊ መሆን አለበት፤ ነገር ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ሰነዶች ውስጥ በትክክል የመገኘት ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ በስህተት ቢገኙ ግን ጉዳታቸው የከፋ ጥቂት ቃላት ተለይተው ሊወጡ ይገባል። ማይክሮሶፍት ወርድ ለዚህ የሚያገለግል የማግለያ መዝገበ ቃላት ያለው ሲሆን፣ ለአሜሪካ እንግሊዝኛ ፋይሉ በዊንዶውስ ላይ የሚገኘው በሚከተለው ስፍራ ነው፦

```
%AppData%\Microsoft\UProof\ExcludeDictionaryEN0409.lex
```

ፋይሉ በማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ተከፍቶ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቃል በትንንሽ ፊደላት ይጻፍበታል፤ ተቀምጦ ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈትም ቃሉ በመዝገበ ቃላት ቢኖርም እንደ ስህተት ይጠቆማል። በምሳሌው ዓረፍተ ነገር ለሕክምና ተቋም የሚሠራ አርታዒ «trail»ን በዚህ መንገድ ቢያገልል የመጀመሪያው ግድፈት ወዲያውኑ ይታያል። «form» እና «now» ግን በየገጹ በትክክል የሚጻፉ ቃላት ስለሆኑ ቢገለሉ ጽሑፉ በሙሉ በቀይ መስመር ይሞላል፤ ዘዴው የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ፦ የሚምታቱ ቃላት ስብስብ

ሁለተኛው መንገድ እርስ በርስ የሚምታቱ ቃላትን አስቀድሞ በጥንድ ወይም በቡድን መዝግቦ፣ ከቡድኑ አንዱ በጽሑፍ ውስጥ በተገኘ ቁጥር ከአባላቱ ለዚያ ቦታ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። አንድሩ ጎልዲንግ እና ዳን ሮት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠሯቸው ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ የሚታወቁ ሲሆን ሁለት ዓይነት ፍንጮችን አጣምረው ይጠቀሙ ነበር። አንደኛው ፍንጭ በአካባቢው ያሉት ቃላት ናቸው፤ በቅርብ ርቀት ላይ ስለ ዳቦ ወይም ስለ ኬክ የሚያወሱ ቃላት ካሉ «piece»፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ስምምነት የሚያወሱ ካሉ «peace» የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ሁለተኛው ፍንጭ በቀጥታ የሚጎራበተው አቀማመጥ ነው፤ ከፊት «a» ከኋላ «of» ካለ «piece» የሚለው ያመዝናል።

እነዚህ ፍንጮች ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጣቸው ፕሮግራሙ ከብዙ ትክክለኛ ጽሑፍ ራሱ ይማራል። ሚሼል ባንኮ እና ኤሪክ ብሪል እ.ኤ.አ. በ2001 የመማሪያውን ጽሑፍ እስከ አንድ ቢሊዮን ቃላት አሳድገው የመማሪያ ስልቶችን ሲያወዳድሩ፣ ጽሑፉ በበዛ ቁጥር ሁሉም ስልቶች መሻሻላቸውን እንደቀጠሉና የጽሑፉ ብዛት ከስልቱ ምርጫ ይልቅ ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተዋል።

የዚህ መንገድ ወሰን ከትርጉሙ ይመነጫል፤ ፕሮግራሙ የሚመረምረው በስብስቡ የተመዘገቡትን ቃላት ብቻ ስለሆነ ያልተመዘገበ ጥንድ ጨርሶ አይጠየቅም። ጄኒፈር ፔድለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቀችው የዶክትሬት ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸው፣ ማለትም የማንበብና የመጻፍ ልዩ ችግር ያለባቸው ሰዎች የጻፉትን ጽሑፍ መርምራ፣ ከዚያ በፊት ይሠራባቸው የነበሩት ጥቂት ጥንዶች ከእውነተኛው የስህተት ዓይነት በጣም ያነሱ በመሆናቸው በሺህ የሚቆጠሩ ስብስቦችን ወደ ማዘጋጀት አምርታለች። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ስብስቡ ከሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን ከጸሐፊዎቹ እውነተኛ ስህተት መቀዳት እንዳለበት ነው።

ሦስተኛው መፍትሔ፦ የዓረፍተ ነገርን ዕድል መመዘን

ሦስተኛው መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀ ስብስብ ሳይጠብቅ ማንኛውንም ቃል ይጠራጠራል። ሜይስ፣ ዳመራው እና ሮበርት መርሰር እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ስልት የዚህ መንገድ መሠረት ሲሆን ሁለት ዕድሎችን ያባዛል። አንደኛው የቋንቋ ሞዴል የሚሰጠው ዕድል ነው፤ ይህም አንድ ቃል ከእርሱ በፊት ካሉት ሁለት ቃላት ቀጥሎ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደተገኘ ከመቁጠር የሚመነጭ በመሆኑ ሦስትዮሽ ይባላል። ሁለተኛው ጸሐፊው ያሰበውን ቃል በትክክል የመጻፉ ዕድል ነው።

በምሳሌው ዓረፍተ ነገር ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ጸሐፊው ከመቶ ቃላት 99ኙን በትክክል ይጽፋል ተብሎ ቢታሰብ፣ የቀረው 0.01 ዕድል የተጻፈው ቃል በአንድ ፊደል ስህተት ሊመጣባቸው ለሚችሉት ቃላት ይከፋፈላል። «form» እንደ «from»፣ «firm»፣ «farm»፣ «fork» እና «for» ያሉ አሥር ጎረቤቶች አሉት ቢባል ለእያንዳንዳቸው 0.001 ይደርሳቸዋል። «form» እንዳለ የመቆየቱ ዕድል 0.99 ስለሆነ፣ «from» እንዲተካው የሚፈቀደው በዚያ ቦታ ላይ የቋንቋ ሞዴሉ ለ«from» የሚሰጠው ዕድል ለ«form» ከሚሰጠው በ990 እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው። ከ«results» ቀጥሎ «from two» መምጣቱ እጅግ የተለመደ፣ «form two» መምጣቱ ግን እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ በዚያም ላይ «form» ግሥ ተደርጎ ቢወሰድ በኋላ የሚመጣው «show» ባለቤት ስለሚያጣ፣ ይህ ድንበር በቀላሉ ይታለፋልና ግድፈቱ ይያዛል።

«now» ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። «the drug is now safe» እና «the drug is not safe» ሁለቱም ሊጻፉ የሚችሉ ጤናማ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በቋንቋ ሞዴሉ አንዱ ሌላውን በሦስት ወይም በአሥር እጥፍ ቢበልጥ እንኳ ከ990 እጅግ ስለሚያንስ ፕሮግራሙ የተጻፈውን እንዳለ ይተወዋል። የጸሐፊው ትክክለኝነት ወደ 0.9 ዝቅ ተደርጎ ቢታሰብ ለእያንዳንዱ ጎረቤት 0.01 ስለሚደርስ ድንበሩ ወደ 90 እጥፍ ይወርዳል፤ በዚህም ተጨማሪ ግድፈቶች ቢያዙም ትክክለኛ የሆኑ ብዙ ቃላት አብረው ይጠረጠራሉ።

ሦስቱ ተመራማሪዎች ከ100 ዓረፍተ ነገሮች አንዳንድ ቃል እየለወጡ ባዘጋጇቸው 8,628 የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ስልታቸውን ሲፈትኑ ከመቶ 76 የሚሆኑት ተደርሶባቸው 73 የሚሆኑት በትክክል ታርመዋል። ይህ ውጤት የተገኘው እያንዳንዱ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር አንድ ግድፈት ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። በምሳሌው ዓረፍተ ነገር እንደሚታየው ግድፈቶች በተጠጋጉ ጊዜ አንዱ ለሌላው ማስረጃ የሚሆነውን ዐውድ ያበላሻል፤ «results form» የሚለውን ለመመዘን የሚያገለግለው ከፊት ያለው ቃል ራሱ የተሳሳተው «trail» ነውና።

«trail» ራሱን ለመያዝ ከጎረቤት ቃላት ይልቅ የጠቅላላው ጽሑፍ ጉዳይ ይረዳል። ግሬም ኸርስት እና አሌክሳንደር ቡዳኒትስኪ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ስልት በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሌሎቹ ቃላት ጋር በፍቺ የማይዛመድ ቃል ይፈለግና በአንድ ፊደል ለውጥ የሚዛመድ ቃል ከተገኘለት ስህተት ሊሆን እንደሚችል ይጠቆማል። ስለ ሆስፒታል፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ሕፃናት በሚያወራ ጽሑፍ የእግር መንገድ ባይተዋር ሲሆን ሙከራ ግን ባለቤት ነው። ስልቱ ሰው ሠራሽ ግድፈት በገባበት ጽሑፍ ሲፈተን ከግድፈቶቹ የደረሰባቸው ከመቶ ከ23 እስከ 50 የሚሆኑት ብቻ ሲሆኑ፣ ከጠቆማቸውም እውነተኛ ግድፈት ሆነው የተገኙት ከ18 እስከ 25 ከመቶ ነበሩ። ኸርስት ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በ2008 ባሳተመው ጥናት የሜይስና የባልደረቦቹ የሦስትዮሽ ስልት በሰፊ የቃላት ዝርዝር ሲደገም ከዚህ የተሻለ መሆኑ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የተስፋፉት ነርቭ መሰል የቋንቋ ሞዴሎች ሁለቱን ዓይነት ማስረጃዎች፣ ማለትም የቅርቡን ጉርብትናና የሩቁን ርዕሰ ጉዳይ፣ በአንድ ጊዜ ስለሚመዝኑ «form»ንም «trail»ንም ከቀደሙት በተሻለ ይይዛሉ። ሆኖም የሚመልሱት ጥያቄ ያው ነው፤ የትኛው ቃል እዚህ ቦታ ላይ የመገኘት ዕድሉ ይበልጣል የሚል ነው እንጂ የትኛው እውነት ነው የሚል አይደለም።

የሐሰት ጥቆማ ዋጋ

እነዚህ ዘዴዎች በሁለት ሚዛን ይለካሉ። አንደኛው አካታችነት ሲሆን በሰነዱ ካሉት ግድፈቶች ስንቱ እንደተያዘ ይገልጻል፤ ሁለተኛው የጥቆማ ትክክለኝነት ሲሆን ከተጠቆሙት ስንቱ በእርግጥ ግድፈት እንደሆነ ይገልጻል። ሁለቱ እንዴት እንደሚጋጩ በቀላል ስሌት ይታያል። 10,000 ቃላት ባለው ዘገባ ውስጥ 20 ቃላዊ ግድፈቶች ቢኖሩና ፕሮግራሙ 15ቱን ቢይዝ አካታችነቱ ከመቶ 75 ነው። ይኸው ፕሮግራም ከመቶ ትክክለኛ ቃላት አንዱን ብቻ በስህተት ቢጠረጥር 100 ያህል የሐሰት ጥቆማዎች ስለሚወጡ፣ አርታዒው ከሚመለከታቸው 115 ጥቆማዎች እውነተኞቹ 15 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 13 ያህል ይሆናሉ።

ከስምንት ጥቆማ ሰባቱ ከንቱ ሲሆን አርታዒው ሳያነብ ማለፍ ይለምዳል፤ አልፎ አልፎም ትክክለኛውን ቃል በተሳሳተው ይለውጣል። ፕሮግራም አዘጋጆች ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ከመያዝ ይልቅ በጥቂቱ ተናግሮ ትክክል መሆንን ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደው የሰዋስው ስህተት እርማት ዓለም አቀፍ ውድድር የጥቆማ ትክክለኝነት ከአካታችነት ሁለት እጥፍ ክብደት የተሰጠው ለዚህ ነው። ኸርስት በ2008 የማይክሮሶፍት ወርድ 2007ን ዐውድ ተመልካች አራሚ ሲመረምርም ሲጠቁም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል እንደሆነ፣ ነገር ግን ብዙ ግድፈቶችን ሳይጠቁም እንደሚያልፍ አግኝቷል። ስለዚህ ምልክት የሌለበት ገጽ ግድፈት የሌለበት ገጽ ማለት አይደለም።

ዐውድ የማይገልጠው ግድፈት

«is now safe» የሚለው ምሳሌ የሚወክለው ግድፈት ከሌሎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ከግድፈቱ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስውም በርዕሰ ጉዳይም ፍጹም ሆኖ ይቀራልና። እ.ኤ.አ. በ1631 በለንደን የንጉሡ አታሚዎች ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ ባተሙት መጽሐፍ ቅዱስ ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ አሉታውን የሚገልጸው «not» ጎድሎት፣ አመንዝራነትን የሚከለክለው ቃል የሚያዝ ሆኖ ወጥቷል፤ አታሚዎቹም 300 ፓውንድ ተቀጥተዋል። በትእዛዙ የቀሩት ቃላት ሁሉ ትክክል ነበሩ።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የብሪታንያ የኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የመፍረስ ትእዛዝ የተሰጠበትን «Taylor & Son» የተባለ ድርጅት መመዝገብ ሲገባው፣ በዌልስ የሚገኘውን «Taylor & Sons» የተባለ ሌላ ድርጅት እንደፈረሰ አድርጎ መዝግቧል። አበዳሪዎችና አቅራቢዎች በዜናው ምክንያት ከድርጅቱ ስለሸሹ ድርጅቱ ወደቀ፤ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2015 መሥሪያ ቤቱን ተጠያቂ አድርጎታል። ልዩነቱ አንዲት «s» ብቻ ስለሆነና ሁለቱም ስሞች በእውነት ስለነበሩ፣ ስህተቱን የሚገልጠው የትእዛዙን ዋና ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር።

በዚህ ክፍል የሚመደቡት በተለይ አራት ናቸው፦ አሉታን የሚሸከሙ ቃላት፣ መጠንን የሚገልጹ እንደ «million» እና «billion» ያሉ ቃላት፣ የነጠላና የብዙ ልዩነት፣ እንዲሁም የሰውና የድርጅት ስሞች። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ትክክለኛው ቃል የትኛው እንደሆነ በሰነዱ ውስጥ ማስረጃ አለመኖሩ ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ተራ በተራ ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። መጀመሪያ ፊደል አራሚውና ዐውድ ተመልካቹ ይሠራሉ፤ እዚህ ላይ ዋናው ጥንቃቄ የቀረበን ምትክ ቃል አንብቦ መቀበል እንጂ በጅምላ አለመቀበል ነው። ቀጥሎ አርታዒው ከቀደሙ ሰነዶች ካጠራቀማቸው እውነተኛ ግድፈቶች የተዘጋጀ የራሱን ዝርዝር በሰነዱ ላይ ይፈልጋል። ሰነዱ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከተለወጠ አንድ ትእዛዝ ይበቃል፦

```
grep -n -i -w -E "trail|form|now|not|leave|live" report.txt
```

ትእዛዙ ከተዘረዘሩት ቃላት አንዱ የሚገኝበትን መስመር ሁሉ ከመስመር ቁጥሩ ጋር ያወጣል። `-w` የሚለው ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈለግ ስለሚያደርግ «form» ሲፈለግ «information» አይመጣም፤ `-i` ደግሞ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነትን ያስቀራል። መስመሮቹ ከሐሳባቸው ፍሰት ተነጥለው ስለሚታዩ አንባቢው በቃሉ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ይረዳሉ።

ሦስተኛው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ወይም በኮምፒውተር ድምፅ ማስነበብ ነው። ይህ የጣትን ግድፈት በደንብ ያጋልጣል፤ «form» እና «from» ለጆሮ ይለያሉና። የጆሮን ግድፈት ግን ጨርሶ አያጋልጥም፤ «their» እና «there» በድምፅ አንድ ስለሆኑ ሰሚው ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። እነዚህ ጥንዶች የግድ በዓይን፣ በሁለተኛው ደረጃ ዝርዝር መያዝ አለባቸው። የመጨረሻው ደረጃ አሉታዎችን፣ መጠኖችን፣ ቁጥሮችንና ስሞችን አንድ በአንድ ከመነሻ ሰነዱ፣ ለምሳሌ ከሠንጠረዡ፣ ከቃለ ጉባኤው ወይም ከውሉ ጋር ማስተያየት ነው። በዚህ ደረጃ ሁለት ሰዎች ቢመደቡ፣ አንዱ ከመነሻው እያነበበ ሌላው በአዲሱ ላይ ቢከታተል፣ ተከታታዩ ሊያይ የጠበቀውን ሳይሆን የተነገረውን ስለሚፈልግ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ቃላዊ ግድፈትን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ቢሻሻሉም ሁሉም የሚፈርዱት ቃሉ በቦታው የተለመደ ነው ወይስ ያልተለመደ በማለት ነው። ስለዚህ በመሻሻላቸው መጠን እየጠፉ የሚሄዱት ዓረፍተ ነገሩን እንግዳ የሚያደርጉት ግድፈቶች ናቸው፤ እነዚህን ግን ጥንቁቅ አንባቢም ራሱ ሊያርማቸው ይችላል። የሚቀሩት ለአንባቢ ምንም እንግዳ ሳይመስሉ ፍሬ ነገሩን የሚገለብጡት ናቸው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉና የሚያርሙ ተቋማትም የአራሚዎቻቸውን ጊዜ ሲደለድሉ ፕሮግራም የሚይዘውን ለፕሮግራሙ ትተው፣ የሰውን ዓይን በአሉታዎች፣ በመጠኖች፣ በቁጥሮችና በስሞች ላይ ሊያውሉት፣ ሰነዱም ከመነሻው ጋር ሳይመሳከር እንዳይፈረምበት ሊያደርጉ ይገባል።